ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ፎቶውን ዙም አድርጉት

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስልካችሁን አትዝጉት፣ እንዲያውም አውጡት። ዛሬ የምንሠራው በእሱ ነው።

ሥራዬ የሸማቾችን አቤቱታ መስማት ነው። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። የደረሰውን ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ሻጩ የለጠፈውን ፎቶም ያሳየኛል። ሁሌ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ማስረጃው እዚያው ፎቶ ላይ ነው። ከመክፈሉ በፊትም እዚያው ነበር።

ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ እዩት። ያመጣችው እናት ፈቅዳልኝ ነው የማሳያችሁ። ለልጇ ኦንላይን የገዛችው ፓወር ባንክ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ 50,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ተጽፏል፣ ሎጎውም ያምራል። እሷም ያየችው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ፎቶ ግን ጀርባውን ያሳያል። እዚያ ላይ በጣም ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ዙም ላድርገው። ምን ይላል? 37 ዋት-ሰዓት።

አሁን ካልኩሌተር ክፈቱና አብረን እንሥራው። ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 3.7 ቮልት ነው። 50,000ውን ለ1,000 አካፍሉት፣ 50 ይመጣል። በ3.7 አባዙት። 185 መሆን ነበረበት። ጀርባው ላይ የተጻፈው ግን 37 ነው። ወደኋላ ስንሄድ ደግሞ 37 ሲካፈል ለ3.7፣ 10 ይሆናል፤ ማለትም 10,000። ፊት ለፊት ከተጻፈው አንድ አምስተኛው ብቻ። ዕቃው ራሱ ጀርባው ላይ እውነቱን እየተናገረ ነበር፣ ማንም ስላልጠየቀው እንጂ።

ከዚህ ሁሉ ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ፦ ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ድካሙን ሁሉ ሎጎው ላይ ያፈሳል፣ ምክንያቱም እኛ የምናየው ሎጎውን ነው፤ ከጀርባ ያለው መለያ ላይ ሲደርስ ግን ይቸኩላል፣ ከሌላ ዕቃ ይገለብጣል፣ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይስማሙ አይስማሙ ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ ሎጎውን እዩ፣ መለያውን ግን አንብቡ።

ቻርጀርም እንደዚሁ ነው። መውጫው ላይ ቮልትና አምፔር ተጽፏል። ሁለቱን አባዙ። 5 ቮልት በ2 አምፔር 10 ዋት ነው። ማስታወቂያው ስለ 65 ዋት እያወራ መለያው ላይ ያለው ይህ ብቻ ከሆነ ገጹን ዝጉት።

ወደ ሎጎው ስንመጣ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። በማስታወስ አትመኑ። ሁላችንም ታዋቂ ምልክቶችን የምናውቃቸው ይመስለናል፣ ሳሉ ብንባል ግን እንሳሳታለን። የኩባንያውን ትክክለኛ ድረ ገጽ ክፈቱና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጓቸው። የፊደሉን ውፍረት፣ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ስፌት ከሆነ የክሩን አጨራረስ እዩ። ስሙን ደግሞ ፊደል በፊደል አንብቡት፣ አይን የለመደውን ቃል ራሱ አርሞ ያነባልና። ሎጎው በጣት ተሸፍኖ ወይም ደብዝዞ የተነሳ ከሆነስ? አንዳንድ ሻጮች ሆን ብለው ነው የሚያደርጉት፣ የገበያው ድረ ገጽ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ብሎ እንዳያነሳባቸው።

ስለ ሲኢ ምልክትም ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። በአውሮፓ ገበያ ለኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ለመጫወቻና ለመሳሰሉት የሚደረገው ማለት ነው። በትክክለኛው ምልክት ሁለቱ ፊደሎች ራቅ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት። የመጀመሪያውን ፊደል ቅስት እንደ ሙሉ ክብ ብትጨርሱት ከሁለተኛው ጀርባ ጋር ይገናኛል። አስመስለው ሲሠሩት ብዙ ጊዜ ያጠጋጉታል። ግን ቅርጹ ልክ ስለሆነ ብቻም አትረጋጉ። በአብዛኛው ምልክቱን የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፤ «ደንቡን አሟልቻለሁ» የሚል የራሱ ቃል እንጂ የጥራት ሽልማት አይደለም። ሊፕስቲክ ወይም ተራ ሸሚዝ ላይ ካያችሁት ደግሞ ያስጠረጥራል። ለእነዚህ ዕቃዎች የሚደረግ ምልክት አይደለም።

ባርኮድ ላይ አጭር ልሁን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ዕቃው የተሠራበትን አገር ይናገራሉ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አይናገሩም። የሚያሳዩት ኩባንያው ቁጥሩን ያገኘው ከየትኛው አገር መዝጋቢ ድርጅት እንደሆነ ነው። የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ቁጥሩን እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። የጫማ ፎቶ ላይ ያለው ባርኮድ ሻምፑ ካመጣላችሁ በቂ ነው።

ልብስ ከሆነ የውስጥ መለያውን ጠይቁ። የጨርቁ ድርሻ ተደምሮ መቶ ይሞላል ወይ? ማስታወቂያው መቶ በመቶ ጥጥ ብሎ መለያው ፖሊስተር አይልም? ቅባትና ሽቶ ከሆነ ካርቶኑም ጠርሙሱም ላይ የምርት ቁጥር አለ፤ ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። ቆዳችሁ ላይ የምታደርጉት ነገር ነውና እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ።

አሁን ትልቁ ጥያቄ። ፎቶው ላይ ያለው ሁሉ ልክ ቢሆንስ? ፎቶው የሻጩ ላይሆን ይችላል። ፎቶውን አስቀምጡና በጎግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ፈልጉት። ያው ፎቶ በአምስት ሻጮች ስም ከወጣ፣ ቢያንስ አራቱ የሰው ፎቶ ነው የለጠፉት። ቀጥሎ ለሻጩ ጻፉ። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ሰላም፣ ዕቃውን ልወስደው አስቤያለሁ። የጀርባውን መለያ በደንብ እንዲነበብ አድርገው ያንሱልኝ። ከጎኑ ስሜና የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይኑር።» ዕቃው እጁ ላይ ላለ ሰው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ያገለገለ ስልክ ከሆነ ደግሞ *#06# ደውሎ የሚወጣውን 15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ላይ ያንሳላችሁ። ይህን ቁጥር ግን ለሌላ ሰው አታጋሩት። ሁሉንም ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፣ ማስታወቂያውንም ጭምር፤ ከተሸጠ በኋላ ሊጠፋ ይችላል።

እሺ፣ ከኋላ እጅ አይቻለሁ። «ሻጩ ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው፣ አሁን ካልከፈልሽ ይሸጣል ካለኝስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ይሸጠው፣ እህቴ። እኔ ጋ ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ የከፈሉት ልክ ይህን ዓረፍተ ነገር በሰሙበት ደቂቃ ነው። የመለያ ፎቶ ከልክሎ የሚያጣድፍ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል። የሚከራከር ካለም አትከራከሩት፣ አመስግናችሁ ውጡ።

በሉ አሁን ሥራ። ልትገዙት ቅርጫት ውስጥ ያስቀመጣችሁት ዕቃ ካለ ክፈቱት። የመለያው ፎቶ አለው? ካለው ዙም አድርጉና ቁጥሮቹን አስሉ። ከሌለው ያቺን መልእክት አሁኑኑ ላኩ። ደቃቁ ጽሑፍ የሚያስቸግራችሁ እጅ አውጡ፣ መጥቼ አብረን እናነበዋለን።