የሁለተኛ ፎቅ መብራት ጉዳይ

ጋሼ ሰላም ነዎት? የሁለተኛ ፎቅ ተከራይዎ ነኝ። መብራቱ አሁንም አስቸግሮናል። ከሰኞ ጀምሮ ማታ ማታ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ብሬከሩ ራሱ ይወርዳል፤ በ4 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ወርዷል፣ ትናንት ደግሞ ካውያም ማሞቂያም ሳይሰካ አምፖል ብቻ በርቶ እያለ ነው የወረደው። ስለዚህ ጭነት በዝቶበት ነው ለማለት ይከብደኛል። አንደኛ ፎቅ ያሉትን ጠየቅኳቸው፣ እነሱ ጋ ምንም ችግር የለም።

በጣም ያሳሰበኝ የኮሪደሩ ሶኬት ነው። ይሞቃል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። መጠቀም አቁመናል፣ ልጆቹም እንዳይጠጉት ነግሬያቸዋለሁ። የላላ ሽቦ ካለ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ እባክዎ ነገ፣ ቢዘገይ ቅዳሜ ጠዋት ባለሙያ ይላኩልን። ብሬከሩን ብቻ ቀይሮ እንዳይሄድ፣ የፎቁን መስመር በሙሉ ይፈትሽልን። መቼ እንደሚመጣ ይደውሉልኝ፣ ቤት እጠብቀዋለሁ።