ለዘጠኝ የሚካፈል

ሪፖርቱ ሰኞ ጠዋት ልክ 2:00 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ሂሩት ቢሮ ከመግባቷ በፊት። ማንም አይነካውም። የሳምንቱን ኢንቮይሶች ራሱ ይሰበስባል፣ የተረከቡትን እቃ በውሉ ዋጋ ያባዛል፣ ያልገጠመውን መስመር ቀይ ቀብቶ በኢሜይል ይልካል። የሠራችው እሷ ናት። ለወራት ቀይ የሚባል ነገር አልታየበትም። በዚህም ውስጥ ውስጡን ትኮራ ነበር።

የዚያን ሰኞ አንድ መስመር ቀይ ነበር።

ደንበኛው ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። በየሳምንቱ ወረቀት በካርቶን ይወስዳል። በቀኑ ይከፍላል፣ ደውሎ አይጨቃጨቅም። ሒሳብ ሠራተኛ የሚወደው ዓይነት። የተጠየቀው 1,080፤ መጠየቅ የነበረበት 900። ልዩነት 180።

አንድ ሰው ብዛቱን ተሳስቶ ጽፎ ይሆናል ብላ የማስረከቢያ ሰነዱን አወጣች። 20 ካርቶን፣ ተፈርሞበታል። ኢንቮይሱም 20 ይላል። ብዛቱ ንጹሕ ነው።

180ን ለ9 አካፈለች። ልማድ ሆኖባት ነው። ሥራ ስትጀምር ያሠለጠኗት አንጋፋ ሒሳብ ሹም «ልዩነቱ ለዘጠኝ ከተካፈለልሽ መጀመሪያ የተገለበጠ ቁጥር ፈልጊ» ይሏት ነበር። ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ፣ 72 ሊጻፍ ሲል 27፣ 310 ሊጻፍ ሲል 130 ሲጻፍ፣ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል። ለ9 የተካፈለ ሁሉ ግን የተገለበጠ ቁጥር ነው ማለት አይደለም። የሚያሳየው የት መፈለግ እንደሚጀመር ነው።

መልሱ 20 ወጣ።

ሃያ። የካርቶኑ ብዛት።

እጇ ማውሱ ላይ ቀረ። በአንድ ካርቶን 9 ተጨምሮ ነው የተጠየቀው ማለት ነው። የዋጋ ዝርዝሩን ከፈተች። 54። ውሉን ከፋይሉ አወጣች። 45።

ይህ የአንድ ሳምንት ስህተት ሊሆን አይችልም። የዋጋ ዝርዝር አንዴ ከተሳሳተ ሁልጊዜ ነው የሚሳሳተው። ታዲያ ሪፖርቱ እስከ ዛሬ የት ነበር? ቀመሩን ከፈተችው።

```
=IF(ABS(E2-D2)>150,"CHECK","")
```

150። ይህን ቁጥር ታውቀዋለች። መጀመሪያ 5 ነበር። የአስርዮሽ ማጠጋጋቱ እና የማጓጓዣ ጭማሪው በየሳምንቱ ገጹን ቀይ በቀይ ሲያደርገው ወደ 50 አሳደገችው። ከዚያ ሥራ በተደራረበበት አንድ የወር መጨረሻ ላይ ወደ 150። «ለጊዜው» ብላ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ከአሁኑ 20 በፊት በሳምንት ከ16 ካርቶን በላይ ወስዶ አያውቅም። 16 በ9 ሲባዛ 144 ነው። ስህተቱ በየሳምንቱ ሪፖርቱ ውስጥ ነበረ፤ ዝም ያሰኘችው እሷ ናት።

150ውን አጥፍታ 0 ጻፈችና የቆዩትን ሳምንታት እንደገና አስኬደቻቸው። ማተሚያ ቤቱ ብቻውን 31 መስመር ይዞ መጣ። 126። 99። 144። 117። እያንዳንዱን ለ9 እያካፈለች ከማስረከቢያ ሰነዱ ጋር አገናኘች። 14፣ 11፣ 16፣ 13። አንዱም ዝንፍ አላለም። በጠቅላላው 402 ካርቶን፣ 3,618 ትርፍ ክፍያ።

ዋጋውን ማን እንዳስገባው ማየት ቀረ። ለማየት አልቸኮለችም፤ ጠርጥራለች። ወደ አዲሱ ፕሮግራም ሲዛወሩ ከሁለት መቶ በላይ ዋጋ በአንድ ምሽት የተየበው ሰው አንድ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ስሟን ከነሰዓቱ አስቀምጦታል።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ቆመው አነበቡት።

«ደንበኛው ቅሬታ አቅርቧል?»

«አላቀረበም።»

«እንግዲያው ዋጋውን ዛሬ አስተካክዪና ቀጥዪ። ምን አስቸኮለሽ?»

ክፉ ሰው አይደሉም። በዚያ ሳምንት የሚከፈል ብዙ ነገር ነበረባቸው፤ እሱንም የምታውቀው እሷ ናት።

«ዋጋውን ካስተካከልኩት በሚቀጥለው ሳምንት ሒሳቡ ይወርዳል» አለች። «ሰውዬው ለምን ወረደ ብለው ይጠይቃሉ። ያኔ ምን እላቸዋለሁ? ደግሞ የሒሳብ መዝገባችንም ትክክል አይደለም። 3,618 የእኛ ያልሆነ ገንዘብ ሽያጭ ተብሎ ተመዝግቧል።»

ዝም አሉ።

«ዋጋውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች። ይህን ለመጨረሻ ነበር ያቆየችው፤ መጀመሪያ መናገር እንደነበረባት የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ክሬዲት ኖቱን አዘጋጂና ለፊርማ አምጪልኝ። ስልኩን ግን አንቺ ነሽ የምትደውዪው።»

ክሬዲት ኖቱ ቀላሉ ሥራ ነበር። አንድ ገጽ፣ ከኋላው 31 መስመር ያለው ዝርዝር፦ የኢንቮይስ ቁጥር፣ ቀን፣ ብዛት፣ የተጠየቀው፣ የሚገባው፣ ልዩነት። ሰውዬው ከፈለጉ እያንዳንዱን ከራሳቸው ደረሰኝ ጋር ማመሳከር እንዲችሉ ነው። ድምሩን ብቻ መላክ «እመኑኝ» ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ በዚያን ቀን እመኑኝ ለማለት ድፍረቱ አልነበራትም።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ራሳቸው አነሱ።

«ጋሼ፣ ከወረቀት አቅራቢው ነው፤ ሒሳብ ክፍል። አንድ ስህተት አግኝተን ነበር።»

«ምነው፣ አልከፈልኩም እንዴ?»

«ከፍለዋል። እንዲያውም ትርፍ ነው የከፈሉት። ሰባት ወር ሙሉ።»

ነገረቻቸው። 45፣ 54፣ በማን እጅ፣ ስንት ሳምንት። ሲያዳምጡ ከኋላቸው ማሽን ይሰማል። ከዚያ ማሽኑ ቆመ፤ ያስቆሙት መሰላት።

«እኔኮ ዋጋ የጨመራችሁ ነው የመሰለኝ» አሉ። «ሁሉም ይጨምራል፣ እናንተም ጨመራችሁ አልኩ። ሳትነግሩኝ መጨመራችሁ ግን ቅር አለኝ።»

«ለምን አልደወሉልንም?»

«ስንት ዓመት አብረን ሠርተን? ለዘጠኝ ብዬ ልከራከር?» ትንሽ ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ። ሌላ ሰው አግኝቻለሁ። ያለፈው ሳምንት 20 ካርቶን የወሰድኩት ለዚያ ነው። አዲሱ እስኪጀምር ይበቃኛል ብዬ።»

ሂሩት ብዕሯን አስቀመጠች። ሃያ። ለሰባት ወር የተደበቀውን ያወጣው ሃያ፣ ሰውዬው ሊሄዱ ሲሉ የያዙት ስንቅ ነበር።

«ገንዘቡ በማንኛውም ሁኔታ ይመለስልዎታል» አለች። «ቢቀጥሉም ባይቀጥሉም።»

«ዝርዝሩን ላኪልኝ። አየዋለሁ።»

ከዚያ በላይ አላሉም፤ እሷም አልጎተጎተቻቸውም።

በሚቀጥለው ሰኞ ሪፖርቱ በሰዓቱ መጣ። ገደቡ 0 ስለሆነ ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። 58 መስመር። ከማተሚያ ቤቱ በዚያ ሳምንት ትእዛዝ አልነበረም። ያን ሳትፈልግ ነው ቀድማ ያየችው።

ከላይ ጀመረች። 2 የማጠጋጋት። 15 የማጓጓዣ። 15 የማጓጓዣ። 1 የማጠጋጋት። አሰልቺ ነው፤ ያኔም 150 ያስጻፋት ይኸው ነበር። አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ ሌላ ደንበኛ፣ ልዩነት 27።

ለ9 ይካፈላል። ሦስት።

ተነሥታ የማስረከቢያ ሰነዶቹን ፋይል ከመደርደሪያው አወረደች።