ሉላዊነት ወሎን ያመሳስላታል ወይስ ያዳቅላታል?

ደሴ ፒያሳ የሚቀመጡ ወጣቶች የለበሱትን ልብስ ናይሮቢ ወይም ኢስታንቡል ላይ ብታዩት አይገርማችሁም። ጂንሱ ያው ነው። ስኒከሩ ያው ነው። ስልካቸው ላይ የሚያዩት ቪዲዮም ያው ነው። ይህን ያየ ሰው "ባህላችን እያለቀ ነው" ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ጉዳዩ በልብስ ብቻ የሚፈረድ አይመስለኝም። ሉላዊነት ወሎ ውስጥ ባህልን ከማመሳሰል ይልቅ እያዳቀለ ነው እላለሁ። ይህ ማለት ግን ሁሉም ድቅል ይጠቅመናል ማለት አይደለም። ማን ያዳቅላል? ትርፉስ የማን ነው? ክርክሩ መሄድ ያለበት ወደዚህ ነው።

መጀመሪያ የመመሳሰልን ክርክር በቅንነት እንስማው። አሜሪካዊው የመገናኛ ብዙኃን ምሁር ኸርበርት ሺለር በ1970ዎቹ (ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያነሣው ነጥብ ቀላል ነው። ፊልሙን፣ ዜናውንና ማስታወቂያውን የሚያመርቱት ጥቂት ሀብታም አገሮች ናቸው፤ ሌላው ተቀባይ ብቻ ነው። ተቀባይ ሆኖ የኖረ ሕዝብ ቀስ በቀስ የሰጪውን ምኞት ይመኛል። ሶሲዮሎጂስቱ ጆርጅ ሪትዘር ደግሞ በ1993 የፈጣን ምግብ ቤት አሠራር ወደ ሌላው ሕይወት ሁሉ እየገባ ነው አለ። ቅልጥፍና፣ በቁጥር መለካት፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅና ቁጥጥር ዓለምን ወደ አንድ መልክ ይስባሉ ማለቱ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። እንዲህ ባለ ፓርክ የሚሰፋው ልብስ የተነደፈው ሌላ አገር ነው፤ መጠኑም፣ ቀለሙም፣ የስፌቱ ርቀትም ከገዢው ይመጣል። ሠራተኛዋ እጇ ይሠለጥናል እንጂ ሐሳቧ አይጠየቅም። ሠርጋችንንም ተመልከቱ። ቬሎ፣ ኬክ፣ ዲኮር፣ መኪና ላይ አበባ፤ ቪዲዮው ድምፁ ቢጠፋ የየት አገር ሠርግ እንደሆነ ለመለየት ትቸገራላችሁ። ይህን "ዝም ብሎ ፋሽን ነው" ብሎ ማለፍ አልፈልግም። ወላጆች ለዚያ ዲኮር ይበደራሉ።

እንግዲህ የዚህ ክርክር ድክመት የቱ ጋ ነው? ከፈረንጅ በፊት ንጹሕ የሆነ፣ ማንም ያልነካው ባህል ነበረን ብሎ መነሣቱ ላይ ነው። ወጣችን ውስጥ ያለውን በርበሬ አስቡት። ቃሪያና በርበሬ መነሻቸው አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት በዚህ ምድር በርበሬ የሚባል ተክል አልነበረም። የመጣው በዚያ ዘመን ንግድ ነው፤ ማለትም በራሱ ጊዜ ሉላዊነት። እናቶቻችን ግን ተቀብለው ዝም አላሉም። ከኮረሪማ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጦስኝ ጋር ደልዘው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ሌላ ነገር አደረጉት። ዛሬ ዶሮ ወጥን "ከውጭ የመጣ ምግብ" ብትሉት የሚስቅባችሁ ሰው አታጡም።

ባቲም እንዲሁ ናት። የሰኞው ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ከጥንት ጀምሮ ያገናኛል። እዚያ የሴቶች አንገት ላይ የተደረደረውን ማርትሬዛ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ብሩ ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። በጀርባው 1780 የሚል ዓመት አለ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የተመቱትም ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት። ቪየና ላይ ገንዘብ እንዲሆን የተሠራ ነገር ነው። የወሎ አንጥረኛ ቀለበት አበጀለት፤ በዶቃና በአምባር መሐል ሰካው። አንዳንዱንም አቅልጦ መስቀልና አልቦ ሠራበት። ንግሥቲቱ እዚህ ያዘዘችው ነገር የለም። ትርጉሙን የሰጠው የባቲ ሰው ነው፤ ለልጅ የሚወርስ፣ ለሙሽራ የሚደረግ ጌጥ ሆነ።

ምሁራንም ወደዚህ ሐሳብ የመጡት ዘግየት ብለው ነው። ሮላንድ ሮበርትሰን ዓለም አቀፉና አካባቢያዊው አንድ ላይ እንደሚሠሩ አስረዳ። ያን ኔደርፌን ፒተርሰ ደግሞ ሉላዊነትን ራሱን የማዳቀል ሂደት አድርጎ አየው። አርጁን አፓዱራይ በ1990 ሰው፣ ገንዘብ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምስልና ሐሳብ በየራሳቸው አቅጣጫና ፍጥነት እንደሚፈሱ ጻፈ። ይህ አባባል ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ሰው ወደ ጅዳና ቤይሩት ይሄዳል፤ ገንዘብ ከዚያ ይመጣል፤ ድራማው ከኢስታንቡል፣ ጫማው ከቻይና። ከአንድ ቦታ ብቻ የሚጫን ነገር የለም።

ከሁሉ የበለጠ የማምነው ማስረጃ ግን ዜማ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ከወሎና ከላስታ ምድር ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ሁለቱ እንዲያውም የቦታ ስም ናቸው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንጎራጉር የሰማ ሰው ያ ዜማ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ሙላቱ አስታጥቄ እንግሊዝና ቦስተን ተምሮ፣ በ1960ዎቹ እነዚህን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ሙዚቃ ጋር አገናኘ። ቫይብራፎን ገባ፤ ኮንጋ ገባ። ቅኝቱ ግን አልጠፋም። እንዲያውም በዚያ በኩል ዓለም ሰማው፤ በ2005 የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃውን ተጠቅሞ ስሙን ጭራሽ ለማያውቁት አደረሰ። እዚህ ላይ ድቅሉ የተሳካው አዳቃዩ ቅኝቱን ጠንቅቆ ስላወቀ ይመስለኛል። ምን እንደሚለቅና ምን እንደማይለቅ ያውቅ ነበር።

መንዙማም ከዚህ የቆየ ድቅል ነው። ሃይማኖቱ ከዓረብ ምድር መጣ፤ የወሎ ሼሆች ግን አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል ጽፈው፣ በድቤና በጭብጨባ አዜሙት። አንዱ ይመራል፣ ጀማው ይቀበላል። ደረሳው ከሼሁ እግር ሥር ተቀምጦ ይማረዋል። በቤታችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ዘመድ በአንድ ቡና ይቀመጣል፤ መሐመድ የሚባል ልጅ ገብረማርያም የሚባል አያት ሊኖረው ይችላል። ወሎ ውስጥ መዳቀል እንዲህ ያለ የኑሮ ልማድ ነው፤ ከሉላዊነት የተማርነው አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ተስማምተን ከሆነ፣ አሁን የማልወደውን ነገር ልናገር። የድቅልነት ደጋፊዎች እዚህ ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ፤ ሁሉም መዳቀል የፈጠራ ምልክት ይመስላቸዋል። ሰኞ ገበያ ልብስ ተራ ሄጄ አንዲት ነጋዴ ሁለት ቀሚስ ዘረጋችልኝ። ጥበቡ የሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ መስቀሉም፣ አረንጓዴውም፣ ቢጫውም። አንደኛውን ገልበጥ ሳደርገው ክሩ ከጀርባ ተሻግሮ ይታያል፤ በጣት ሲዳሰስ ሻከር ይላል። ሁለተኛው ሽፎን ነው። ጥበቡ በማሽን የታተመ ስለሆነ ገልብጣችሁ ስታዩት ቀለሙ ደብዝዞ ታገኙታላችሁ።

"ይቺ የፈትል ናት እህቴ፣ ወደድ ትላለች" አለችኝ። "ያቺ ግን ለአንድ ሠርግ ትሆንሻለች፤ ስትታጠብም አታስቸግርሽም።"

ነጋዴዋ አልዋሸችም። ሁለተኛው ቀሚስ በድቅልነት ሚዛን ብትለኩት አንደኛ ይወጣል፤ የሀበሻ ጥለት፣ የውጭ ፋብሪካ፣ ዘመናዊ ጨርቅ። ነገር ግን ጥጡን የፈተለችው ሴት የለችበትም። ሸማኔው የለበትም። ጥለቱን ከአያቱ የተማረው ሰው ከዋጋው ላይ አንዲት ሳንቲም አላየም። ይህን "ባህል ዓለም አቀፍ ሆነ" ብዬ ላከብረው አልችልም። የመመሳሰል ክርክር ያሸነፈበት ቦታ ካለ እዚህ ነው፤ መልኩ የኛ መስሎ፣ አሠራሩና ገቢው ከሌላው የፋብሪካ ልብስ ጋር አንድ ሆኗል።

ተመሳሳይ ጥያቄ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ተነሥቶ ነበር። የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተመልካችና ማስታወቂያ ይነጥቀናል ብለው ተቃወሙ። ተመልካቹ ደግሞ ወደደው። የቱርኩ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ሲቆጣና ሲምል፣ ቡና እየጠጡ የሚያዩት እናቶች በራሳቸው ልክ ይፈርዱበታል፤ "ይሄ ልጅ እናቱን እንዲህ አስከፍቶ ቀን ይወጣለታል?" ይላሉ። ተመልካች ዝም ብሎ የሚሞላ እንስራ አይደለም። ቢሆንም የአርቲስቶቹ ስጋት በዚህ አይመለስም። እናቶች በራሳቸው መንገድ መተርጎማቸው እዚህ ድራማ የሚጽፈውን ሰው ደመወዝ አይከፍልም። እነዚህ ሁለት ነገሮች አብረው እውነት ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መካድ ክርክሩን ያበላሸዋል።

መንዙማውንም ቲክቶክ ላይ ታገኙታላችሁ። ሀድራ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚሄደው ነገር ግማሽ ደቂቃ ሆኖ ይወጣል፤ ድቤውን የስቱዲዮ ማሽን ይተካዋል። አንዳንዱ ደስ ይለኛል፤ ውጭ ያሉ ልጆች የሰሙት በዚህ ነውና። የሚያሳስበኝ ደረሳው ነው። ቅንጭብጫቢው ለብቻው ከቀረ፣ ሙሉውን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ ነገ የሚዳቀለው ምንድን ነው? ሙላቱ ሊያዳቅል የቻለው ቅኝቱን በሙሉ የሚጫወቱ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ምን ይደረግ የሚለው ላይ አንድ የተፈተነ መንገድ አለን። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ ከአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ተቃውሞ ገጥሟት ነበር። ከስታርባክስ ጋር በ2007 ስምምነት ላይ ደረሰች። ቡናው ወደ ዓለም መሄዱን አላቆመም፤ ማንም በፈለገው መንገድ ያፈላዋል፣ ወተት ይጨምርበታል፣ በረዶ ይጨምርበታል። ስሙ ግን ባለቤት አገኘ።

ለሽመናችንም ይህ ይቻላል። ሽፎኑን መከልከል አያዋጣም፤ ደሃውም ለሠርግ መልበስ አለበት። በእጅ የተፈተለውና የተሸመነው ግን የሸማኔውን ወረዳ የሚናገር የተመዘገበ ምልክት ይኑረው፤ ገዢው በአንድ እይታ ይለየው፤ ምልክቱን አስመስሎ የሚያትም ይጠየቅበት። ሸማኔዎቹ በማኅበር ሆነው ዋጋውን ራሳቸው ይቁረጡ። ከዚያ በኋላ ጥለቱን ጂንስ ላይ መጣል የፈለገ የደሴ ልጅ ወደ እነሱ ሄዶ ይዘዝ።