ስለ ዳቦ ምድጃው ፕሮፎርማ የተሰጠ መልስ

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ለዳቦ ቤት ማሽን አቅራቢው ድርጅት
ለሽያጭ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ያቀረባችሁልንን ምድጃ እንደማንገዛ ስለማሳወቅ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት የላካችሁት ፕሮፎርማ ደርሶናል። ከባለቤቴና ከጋጋሪዎቻችን ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ አየነው። ባለ ሦስት እርከኑን የኤሌክትሪክ ምድጃ አንገዛም። ውሳኔያችን ይኸው ነው። በተስፋ እንዳትጠብቁን ብዬ ነው ከመጀመሪያው የጻፍኩት። በሚቀጥለው ጭነት ለእኛ የያዛችሁት ካለ፣ እባካችሁ ለሌላ ደንበኛ ስጡት።

ዋጋ ለማስቀነስ የጻፍኩት እንዳይመስልዎት። 1,850,000 ብር ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ የተጋነነ ነው አልልም። ብትቀንሱም መልሳችን አይቀየርም። ምክንያታችንን ግን ማወቅ ይገባችኋል። እዚህ ድረስ መጥታችሁ፣ በሩን ለክታችሁ፣ ግማሽ ቀን ሠርታችሁልናልና።

ዋናው ነገር መብራቱ ነው። ምድጃው 36 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። በ380 ቮልት ሲሰላ በእያንዳንዱ ፌዝ ወደ 55 አምፔር ይመጣል። የእኛ ብሬከር 40 አምፔር ነው። ከዚሁ ላይ የሊጥ ማቡኪያው፣ ፍሪጁና መብራቱ ይሠራሉ። ብሬከሩን ብቻ በትልቅ መቀየር ደግሞ ገመዱን ማቃጠል ነው። ኃይል ማስጨመር፣ ገመድ መቀየር፣ ራሱን የቻለ ወጪና ጊዜ አለው። ዘንድሮ ለእሱ የተዘጋጀ ገንዘብ የለንም። ይህን መጀመሪያ የነገረን የእናንተው ቴክኒሻን ነው። ቆጣሪውን አይቶ «ይሄ መስመር አይችለውም» አለን፤ ዕቃ ሊሸጥ የመጣ ሰው እንዲህ ሲል ብዙ አይገጥምም። እባክዎ ምስጋናችንን ያድርሱልን። ያን ቀን ነው ድርጅታችሁን ያመንነው።

ሁለተኛው የክፍያ ውሉ ነው። ከ15 በመቶ ቫት ጋር 2,127,500 ብር ይሆናል። ከዚህ 60 በመቶው፣ ማለትም 1,276,500 ብር፣ በቅድሚያ ተከፍሎ 90 ቀን መጠበቅ አለ። በዚያ ላይ ዕቃው እስኪገባ ምንዛሪ ከጨመረ ዋጋውም ይጨምራል ይላል። ለምን እንደጻፋችሁት ይገባኛል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የሚያስመጣ ሰው ስጋቱ ቀላል አይደለም። እኛ ግን የምንሸጠው ዳቦ ነው። ዶላር ጨመረ ብዬ የሰፈሩን ሰው ነገ ጠዋት ጨምር ልለው አልችልም። መጨረሻው የማይታወቅ ዋጋ ላይ መፈረም ከአቅማችን በላይ ነው።

ስለዚህ የድሮውን ምድጃ ሬዚስታንስና የበሩን ጎማ ቀይረን ዘንድሮን እንሠራበታለን። ከሌላ አቅራቢ አልገዛንም።

ወደፊት ግን ከእናንተ ጋር መሥራት እንፈልጋለን። ከፋሲካ በኋላ 50 ኪሎ ዱቄት የሚይዝ የሊጥ ማቡኪያ መግዛት አስበናል። ያለን ትንሽ ነው፤ ለበዓል ሰሞን ልጆቹ እስከ እኩለ ሌሊት በእጃቸው ሲያቦኩ ማየት ያሳዝነኛል። በመጋቢት ወር ፕሮፎርማ ብትልኩልን ደስ ይለናል። መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ ቢሆን፣ ዋጋው በብር ተቆርጦ ቢያንስ ለ30 ቀን የሚጸና ቢሆን፣ የሞተሩ ኃይልም ተጽፎ ቢመጣ ቶሎ እንወስናለን። እንገዛለን ብዬ ከአሁኑ ቃል አልገባም፤ ከሌሎች ጋር እናወዳድራለን። ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው እናንተን ነው።

ምድጃውንም ቢሆን ለዘለዓለም አልተውነውም። ኮዬ ፈጬ ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ የመክፈት ሐሳብ አለን። ቤቱን ከመከራየታችን በፊት የመብራት መስመሩን የሚያይልን ሰው ያስፈልገናል። ቴክኒሻናችሁ ሊመጣልን ከቻለ የድካሙን እንከፍላለን። ስንት እንደምትጠይቁ ብቻ ይንገሩን።

የሰጣችሁን ካታሎግ እኛ ጋ ነው። የምትፈልጉት ከሆነ በዚህ ሳምንት ለሚያልፍ ሰው እንሰጣለን፤ ካልሆነ ለማቡኪያው ምርጫ እናስቀምጠዋለን።

ስለ ድካማችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር
የዳቦ ቤቱ ባለቤት