የላብ ሪፖርት፦ ህንፃ ውስጥ ሲግናል ከርቀት ጋር እንዴት ይወርዳል (በእጅ በሚያዝ ስፔክትረም አናላይዘር የተለካ)

ኮርስ፦ የዋየርለስ ኮሙኒኬሽን ላብ፣ 4ኛ ዓመት ኤሌክትሪካል፣ ቡድን 3
ቦታና ሰዓት፦ የዲፓርትመንቱ ህንፃ 2ኛ ፎቅ ኮሪደርና ጎን ያሉት ክፍሎች፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ገደማ

የፈለግነው

ክላስ ላይ ፍሪ ስፔስ ውስጥ ርቀት እጥፍ ሲሆን ሲግናል 6 ዲቢ ይወርዳል ተብለናል፣ ግን ማንም ሰው ፍሪ ስፔስ ውስጥ አይኖርም። ስለዚህ ኮሪደር ውስጥ ፊት ለፊት ሲተያዩና ግድግዳ ሲገባ መሀል ላይ ስንት እንደሚወርድ ለክተን n የምትባለዋን ቁጥር ማውጣት ነው ስራው። ቀመሩ ይሄ ነው፦

```
P(d) = P(d0) - 10*n*log10(d/d0),   d0 = 1 m
```

ዕቃውና አደራረጉ

ላኪው ሲግናል ጀነሬተር ነው፣ 0 ዲቢኤም፣ በ2 ሜትር ኬብል (1.5 ዲቢ የሚበላ) ወደ ዳይፖል አንቴና ይሄዳል። ተቀባዩ አናላይዘሩ ራሱ ነው፣ አንቴናው ቀጥታ አናቱ ላይ ይጠመዘዛል። ሁለቱም አንቴና ቀጥ ብለው ቆመው ከወለል 1.2 ሜትር ላይ ናቸው። አናላይዘሩ በእጅ የሚያዝ ቢሆንም በእጃችን አልያዝነውም፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ካርቶን ደርበን አስቀምጠን ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ነው ያነበብነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ይዘነው ስንሞክር ፊታችንን ባዞርን ቁጥር ቁጥሩ አብሮን ይዞር ነበር።

መጀመሪያ የዋይፋይ ራውተር እንለካ ብለን ነበር፣ የላብ አሲስታንቱ "ተዉት፣ ትጣላላችሁ" አለን፣ ልክ ነበር። ዋይፋይ 20 ሜጋኸርዝ ላይ የተበተነ ነገር ነው፣ RBW 10 ኪሎኸርዝ ሲሆን ማርከሩ የሚያሳየው ከጠቅላላው ፓወር 33 ዲቢ ገደማ ያነሰ ነው፣ በዛ ላይ እየበራ እየጠፋ ነው የሚላከው። ንጹህ ሲንግል ቶን ግን ማርከሩን ጫፉ ላይ አስቀምጦ ማንበብ ብቻ ነው።

ፍሪኩዌንሲው ላይ ትንሽ ተሸወድን። ከዋይፋይ ቻናል 11 በላይ እንውጣ ብለን 2.480 ጊጋኸርዝ መረጥን፣ ከዛ ስክሪኑ ላይ በየሰከንዱ የሆነ ነገር ብልጭ እያለ አቬሬጁን ያበላሻል፣ ግማሽ ሰዓት ጀነሬተሩን ስንወቅስ ቆየን፣ ለካስ 2.480 ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ቻናል 39 ነው፣ ምንጩም የራሳችን ልጅ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ! ወደ 2.482 ስንወጣ ጸጥ አለ። ስልኮቹም ላብ ውስጥ ቀሩ። ሴቲንጉ እንዲህ ነበር፦

```
CENTER 2.482 GHz   SPAN 1 MHz
RBW 10 kHz         VBW 1 kHz
REF -20 dBm        ATT 0 dB
```

አንድ ቦታ አንድ ንባብ አይበቃም

8 ሜትር ላይ ቆመን አናላይዘሩን በማስመሪያ 2 ሴንቲሜትር 2 ሴንቲሜትር እየገፋን ያነበብነው ይሄ ነው፦ -53.2፣ -54.0፣ -57.1፣ -66.8፣ -58.4፣ -54.3 ዲቢኤም። ርቀቱ ያው 8 ሜትር ነው፣ የተነቃነቀው ከአንድ መዳፍ ያነሰ ነው፣ ልዩነቱ ግን ከ13 ዲቢ በላይ ሆነ። የሞገዱ ርዝመት 12.1 ሴንቲሜትር ስለሆነ ከግድግዳ፣ ከወለልና ከጣራ ተመልሶ የሚመጣው ከቀጥታው ጋር አንዱ ቦታ ይደመራል፣ ጥቂት ሴንቲሜትር አለፍ ብሎ ይጠፋፋል። አራተኛዋን ንባብ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው 8 ሜትርን ከ32 ሜትር የባሰ ነው ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

ስለዚህ በየርቀቱ 10 ቦታ ለክተን አቬሬጅ አደረግን፣ እሱም በዲቢኤም አይደለም፣ ወደ ሚሊዋት ቀይረን ደምረን አካፍለን መለስነው። ከላይ ያሉት ስድስቱ በዲቢኤም ሲካፈሉ -57.3 ይሰጣሉ፣ በሚሊዋት ግን -55.7። ይቺን 1.6 ዲቢ ባለፈው ላብ ሳናውቅ በልተናታል።

ውጤት

ኮሪደር፣ ፊት ለፊት፦

| ርቀት (ሜትር) | አቬሬጅ (ዲቢኤም) |
|---|---|
| 1 | -38.6 |
| 2 | -44.1 |
| 4 | -47.6 |
| 8 | -55.2 |
| 16 | -58.3 |
| 32 | -64.0 |

1 ሜትር ላይ በሂሳብ የጠበቅነው -37.8 ነበር (የፍሪ ስፔስ ኪሳራ 40.3 ዲቢ፣ አንቴናዎቹ 2 ዲቢአይ 2 ዲቢአይ ብለን)፣ ያገኘነው 0.8 ያንሳል፣ ለኮኔክተር ያህል ነው፣ አላስጨነቀንም። መስመሩን ስናስገባ n = 1.68 ወጣ፣ ነጥቦቹ ከመስመሩ የሚርቁት 1 ዲቢ ያህል ነው። ማለትም ርቀት እጥፍ ሲሆን 5 ዲቢ ገደማ ነው የሚወርደው እንጂ 6 አይደለም። ከ2 በታች ሲሆን ተሳስተናል ብለን ደግመን አሰላን፣ ግን ስህተት አይደለም፣ ጠባብ ኮሪደር ሞገዱን በየአቅጣጫው እንዳይበተን አቅፎ እንደ ቱቦ ይነዳዋል።

ከግድግዳ ጀርባ ሌላ ታሪክ ነው። ላኪውን አንዱ ክላስ ውስጥ አስገብተን በተከታታይ ክፍሎች እየሄድን ለካን፦ 4 ሜትር ላይ (1 የብሎኬት ግድግዳ) -54.2፣ 8 ሜትር (2 ግድግዳ) -66.5፣ 12 ሜትር (አሁንም 2) -72.9፣ 16 ሜትር (3) -77.4። የ1 ሜትሩን -38.6 መነሻ አድርገን n = 3.1 መጣ። ከኮሪደሩ መስመር ጋር ስናስተያየው አንድ የብሎኬት ግድግዳ 6 ዲቢ ገደማ ይበላል፣ 12 ሜትር ላይ ግን ሁለት ግድግዳ ብቻ ሆኖ 16 ዲቢ ጎደለ፣ እዛ ክፍል ውስጥ በሙሉ የብረት ሼልፍ ተደርድሯል፣ እሱ ይመስለናል።

ሰውም ቀላል አይደለም። 16 ሜትር ላይ አንዳችን መሀል ለመሀል ሲያልፍ ማርከሩ ከ-58 ወደ -70 አካባቢ ወርዶ ተመለሰ።

መብራት መጥፋቱ

ከ32 ሜትር በኋላ ወደ 24 ተመልሰን ሦስት ንባብ እንደወሰድን መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ሶኬት ላይ ስለነበር ሞተ፣ አናላይዘሩ በባትሪ ነው፣ ቀጠለ። ተናደን ነበር፣ ግን የህንፃው ራውተሮችም አብረው ጠፍተው ስለነበር ንጹህ የኖይዝ ፍሎር በነጻ አገኘን፦ -104 ዲቢኤም። RBW ወደ 100 ኪሎኸርዝ ስናደርገው -94 ሆነ፣ እንደተማርነው 10 ዲቢ ጨመረ። በጣም ደካማው ንባባችን (-77.4) ከዚህ በ26 ዲቢ በላይ ስለሆነ ኖይዝ ውጤቱን አልነካም።

መብራት ሲመጣ ጀነሬተሩ እስኪሞቅ 20 ደቂቃ ጠበቅንና 1 ሜትሩን ደግመን ለካን፣ -38.9። 0.3 ልዩነት ነው፣ የግድግዳውን ክፍል በዚሁ ቀጠልን። 24 ሜትሩን ግን መድገም አልቻልንም፣ ኮሪደሩ ላይ የኤክስቴንሽን ተማሪዎች መጥተው ተሰልፈው ነበር። የሦስቱ ንባብ አቬሬጅ -67.3 ነው፣ መስመሩ ከሚለው 5 ዲቢ በላይ ያነሰ፣ ሦስቱም ተጠጋግተው የተወሰዱ ስለሆኑ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የወደቁ ይመስላል። ሰንጠረዡ ውስጥ ያላስገባነው ለዚህ ነው። ብናስገባው n ከ1.68 ወደ 1.83 ይወጣል፣ አስገቡት ከተባልን ቁጥሩ ይኸው።