ስለ ትኋኑ ጉዳይ ለአከራዬ

ጅማ፣ መስከረም 18

ሐጂ፣ እንዴት ሰነበቱ? ሐጃስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? አጋሮ ዝናቡ እንዳልተወ ሰምቻለሁ።

በስልክ ልነግርዎት ነበር፤ ረጋ ብለው ቢያነቡት ይሻላል ብዬ ጻፍኩት። ቤቱ ትኋን ገብቶበታል።

መጀመሪያ ያየሁት መስከረም 5 ሌሊት ነው። ልጄ እያለቀሰች ነቃች። መብራት ሳበራ አንሶላው የደም ነጠብጣብ አለው፤ ክንዷ ላይ ንክሻው ተርታ ይዟል። ፍራሹን ስገለብጠው ስፌቱ ውስጥ ተሰግስጎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በወጉ ተኝተን አናውቅም።

እኔ ከዕቃዬ ጋር ይዤው መጥቼ ይሆን ብዬ በጣም ተጨንቄ ነበር። ግን የመጀመሪያው ክፍል ተከራይ ከፋሲካ ጀምሮ እንደሚነክሳት ነገረችኝ። ለእርስዎ መናገር አፍራ ነው። እኔ የገባሁት ሰኔ ላይ ነው። በመካከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ልስኑ ተሰነጣጥቋል። ማታ በባትሪ ሳይ ከስንጥቁ ሲወጣ አየሁት። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ።

አልጋውን በፈላ ውኃ አጥቤያለሁ። ልብሱን ሁሉ ቀቅያለሁ፤ በዚህ ዝናብ ማድረቁ ራሱ ሥራ ነው። ከሂርማታ መርካቶ የገዛሁት ፍሊት ለሦስት ቀን ጋብ አደረገው እንጂ አላጠፋውም። ጎረቤት ለእህል የሚረጨውን ማላታይን ርጪው አለኝ። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ በምትተኛበት ክፍል ይህን አላደርገውም።

አንድ የሚረጭ ባለሙያ መጥቶ አይቶታል። ሦስቱም ክፍል በአንድ ቀን ካልተረጨ ትርፉ ድካም ነው፤ በግድግዳው ወደ ጎረቤት ይሸሻል ብሏል። ዕንቁላሉን መድኃኒቱ ስለማይጨርሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። ለሦስቱ ክፍል ለሁለቱም ዙር 4,500 ብር ጠይቋል። ክፍሉን ዘግቶ መተውም አይሆንም፤ ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል።

ሐጂ፣ ጥያቄዬ ባለሙያውን ማን ይጥራ፣ ማንስ ይክፈል ነው። ውላችን ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ቤቱን ለኑሮ በሚሆን ሁኔታ መጠበቅ የአከራይ ነው ይላል። ትኋኑ ሦስቱንም ክፍል የሚነካና ከግድግዳው የሚወጣ ስለሆነ፣ የርጭቱ ክፍያና የልስኑ ጥገና በእርስዎ በኩል ቢሆን ተገቢ ይመስለኛል። የእኔን ድርሻ አልሸሽም። ዕቃ ማውጣቱ፣ ፍራሽ መቀየሩ፣ ልብስ መቀቀሉ የእኔ ነው። በሚረጭበት ቀን ልጄን ይዤ እህቴ ቤት አድራለሁ።

ብሩን አሁን መላክ ካልተመቸዎት እኔ ልክፈልና ከጥቅምት ኪራይ ይታሰብልኝ። ሳይፈቅዱ ግን ከኪራዩ አንድ ብር አልቀንስም። ሰውየው ቅዳሜ መምጣት ይችላል። እስከ ሐሙስ ማታ ቢደውሉልኝ ለሁለቱ ጎረቤቶቼም ነግሬ ዕቃችንን እናዘጋጃለን።

ሐጃን ሰላም በሉልኝ።

የሁለተኛው ክፍል ተከራይዎ፣ የሐያት እናት