ስለ እርግዝና ክትትል ቀጠሮ፣ ስለ ወሊድ ፈቃድና ስለ ሥራ ርክክብ የቀረበ ማመልከቻ

ቀን፦ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የክትትል ቀጠሮዎችን፣ የወሊድ ፈቃድ ጊዜንና የሥራ ርክክብን ማሳወቅን ይመለከታል

በፋይናንስ ክፍል በደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛነት የማገለግል ስሆን፣ ነፍሰ ጡር መሆኔንና የመውለጃ ጊዜዬም የካቲት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ገደማ እንደሚሆን ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን ማስረጃ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤ አቀርባለሁ።

ቀጣዮቹ የክትትል ቀጠሮዎቼ ኅዳር 10፣ ታኅሣሥ 8 እና ጥር 6 ሲሆኑ ሦስቱም ረቡዕ ጠዋት ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88 መሠረት ለእነዚህ ሰዓታት ከክፍያ ጋር ፈቃድ እንዲሰጠኝ እየጠየቅሁ፣ ከሰዓት በኋላ በሥራ ገበታዬ ላይ እንደምገኝና የምርመራ ማስረጃውን በየጊዜው እንደማቀርብ አረጋግጣለሁ። ደመወዝ በሚዘጋበት ሰሞን እስከ ምሽት የምንቆይ ቢሆንም፣ አዋጁ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ሥራ እንዳትሠራ ስለሚከለክል ከዚህ ወር ጀምሮ ከመደበኛው ሰዓት በኋላ እንዳልመደብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቅድመ ወሊድ ፈቃዴ 30 ተከታታይ ቀናት በመሆኑ ጥር 18 ቀን ይጀምራል። በተባለው ቀን ከወለድሁ የድኅረ ወሊዱ 90 ቀናት ግንቦት 17 ቀን ተጠናቀው ግንቦት 18 ቀን ወደ ሥራ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ቀድሜ ወይም ዘግይቼ ከወለድሁ ቀኑ በሕጉ መሠረት ስለሚስተካከል ወዲያውኑ አሳውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ርክክቡ ነው። የስፌት ክፍሉ የትርፍ ሰዓት ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰኝ ከወሩ 24ኛ ቀን በኋላ ሲሆን፣ ከመግቢያና መውጫ መዝገቡ ጋር ስም በስም የማመሳክረው በእጄ ነው። አንድ መስመር ከተዘለለ ያቺ ሠራተኛ የደከመችበትን ገንዘብ የምታገኘው በሚቀጥለው ወር ይሆናል፤ ይህ እኔ በሌለሁበት እንዲደርስ ፈጽሞ አልፈልግም። ስለዚህ መምሪያው ከፈቀደ፣ የሥራ ባልደረባዬ ወ/ሪት ሕይወት የኅዳርን ደመወዝ አብራኝ ተቀምጣ እንድትከታተል፣ የታኅሣሥን ግን ራሷ ሠርታ እኔ እንዳጣራላት፣ የጥርን ደግሞ ለብቻዋ እንድትሠራ ሐሳብ አቀርባለሁ። የታኅሣሥ ደመወዝ ከገና በፊት የሚከፈል በመሆኑ የልምምዱ መጀመሪያ ከኅዳር ማለፍ የለበትም።

ከሠራተኛ 7 በመቶ፣ ከአሠሪ 11 በመቶ የሚሰበሰበውን የታኅሣሥ ወር የጡረታ መዋጮና የሥራ ግብሩን፣ የጊዜ ገደቡን ሳንጠብቅ ከመውጣቴ በፊት ገቢ እናደርጋለን። ፋይሎቹን፣ የካዝና ቁልፉንና ያልተዘጉ የብድር ተቀናሾችን ዝርዝር ጥር 15 ቀን የክፍል ኃላፊው ባሉበት ተፈራርመን እንረካከባለን።

የተተኪ ምደባውና የፈቃዱ ውሳኔ እስከ ጥቅምት 20 ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሰላማዊት ከበደ
የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊ